የምክር ዓምድ፦ «ዝርዝሩን እየሠራን እንነጋገራለን» ላሉኝ የቀድሞ መምህሬ ምን ልላክላቸው?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ በግሌ ሶፍትዌር መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከኬጂ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምርና 620 ያህል ተማሪዎች ያሉት አንድ የግል ትምህርት ቤት የትምህርት ቤት አስተዳደር ሲስተም እንድሠራለት ጠይቆኛል። ባለቤቱ በልጅነቴ ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ አባቴም እንደ ወንድም የሚያያቸው ሰው ናቸው። «የተማሪ ምዝገባ፣ ውጤትና ሪፖርት ካርድ፣ ክፍያ፣ ለወላጅ መልእክት» የሚል አንድ ገጽ ተኩል ፕሮፖዛል በ180,000 ብር፣ ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ሥራው ሲጠናቀቅ ብዬ ላክሁላቸው። እሳቸውም «ጎበዝ ልጄ፣ ጀምሪው፤ ዝርዝሩን እየሠራን እንነጋገራለን» አሉኝ። ከዚህ በፊት አንድ ሥራ በዚሁ መንገድ ተጀምሮ ስምንት ወር ስለፈጀብኝ፣ አሁን የማይካተተውን ሁሉ የዘረዘርኩበት ስድስት ገጽ የሥራ ወሰን መግለጫ ጽፌያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን «ይህን ብትልኪላቸው አላመነችኝም ብለው ይቀየሙሻል» አለኝ፤ ሰነዱም ላፕቶፔ ውስጥ ከተቀመጠ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። አሁን ግንቦት ነው፤ እሳቸው ለመስከረም እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ። ልላከው ወይስ በቃል ተስማምቼ ልጀምር?

ሰ. ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

ውድ እህቴ ሰ.፣

ሰነዱ ይላክ፤ በቃል ብቻ ተስማምተሽ አትጀምሪ። ነገር ግን አሁን ባለበት መልኩ አይላክ፤ ከመላኩም በፊት ግማሽ ቀን ያህል ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ እንድትቀመጪ እፈልጋለሁ።

እስኪ ስድስቱን ገጽ አንድ ጊዜ በዚህ ዓይን አንብቢው፦ ምን ያህሉ ጋሼ የሚያገኙትን ይናገራል፣ ምን ያህሉስ ያለፈው ደንበኛሽ ያደረሰብሽን ይመልሳል? በአንድ ሥራ የተቃጠለ ሰው የሚጽፈው ሰነድ ይታወቃል፤ «አያካትትም» የሚለው ቃል «ያካትታል» ከሚለው ይበዛበታል። ወንድምሽ የፈራው ይህን ይመስለኛል፤ ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም። መምህርሽ በመጻፍሽ አይቀየሙም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲጽፉና ሲያስጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚያስቀይማቸው ሌላ ሰው ያጠፋው ጥፋት በእሳቸው ስም ተጽፎ ሲደርሳቸው ነው።

«እየሠራን እንነጋገራለን» ማለታቸውን ደግሞ እንዴት እንደሰማሽው አላውቅም፤ እኔ ግን ግድየለሽነት አድርጌ አልወስደውም። ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሪፖርት ካርድ ምን እንደሆነ ከማወቁ ብዛት የተነሳ መነገር ያለበት ነገር መሆኑ አይታየውም። እሳቸው «ሪፖርት ካርድ» ሲሉ በየዓመቱ የሚፈርሙበት ወረቀት ከነማኅተሙ ይታያቸዋል፤ አንቺ «ሪፖርት ካርድ» ስትጽፊ የትምህርት ዓይነትና ውጤት የያዘ ሠንጠረዥ ይታይሻል። ሁለታችሁም በአንድ ቃል ትስማማላችሁ፤ ልዩነቱ የሚወጣው ሰኔ ላይ፣ ማተሚያው አጠገብ ነው።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት እዚህ አዳማ በግሌ ለትምህርት ቤቶች ሲስተም እሠራ ነበር። ለአንድ የግል ትምህርት ቤት በላክሁት ፕሮፖዛል ላይ «የተማሪዎችን ውጤት መመዝገብና ሪፖርት ካርድ ማውጣት» ብዬ በአንድ መስመር ጻፍሁ። ካርዱ የሚታተምበት ቀን ሲደርስ ርእሰ መምህሩ የመጀመሪያዋን ካርድ አንስተው ትንሽ ተመለከቷትና «ደረጃው የታል?» አሉኝ። ጨመርሁ። ቀጥሎ የሁለቱ ሴሚስተር አማካይ ደረጃ፣ ከዚያ ፀባይ፣ ከዚያ የቀረባቸው ቀናት ብዛት፣ ከዚያ የክፍል ኃላፊው አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ መጣ። በመጨረሻ የኬጂ ካርድ ከነጭራሹ ቁጥር የሌለበት፣ «በጣም ጥሩ» እና «መሻሻል ያለበት» በሚሉ ቃላት የሚሞላ ሌላ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ከጠየቁኝ ውስጥ ያለአግባብ የሆነ አንድም አልነበረም፤ ከጻፍሁት ውስጥ ግን አንዱም አልነበረም። የመጨረሻው ክፍያ እጄ የገባው ኅዳር ላይ ነው። በጊዜው በሰውየው ላይ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥፋቱን ለዚያች አንድ መስመር እሰጣለሁ፤ መስመሯን የጻፍሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከሰነዱ በፊት ሮስተሩ ይቅደም። የአምናውን የአንድ ክፍል ሮስተር፣ የ5ኛ «ለ» ይሁን እንበል፣ እንዲያሳዩሽ ጠይቂና ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋና ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ተቀመጪ። ባዶ ቅጽ ቢሰጡሽ አትቀበዪ፤ በእጅ የተሞላው ነው የሚያስፈልግሽ። በተሞላው ሮስተር ላይ ስርዝ ድልዝ ያለበትን፣ በቀይ የታረመውን፣ በኅዳጉ ላይ «ዝውውር» ወይም «አልተፈተነም» ተብሎ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጊ። እርማት ባለበት ሁሉ ማንም ያልነገረሽ አንድ ደንብ አለ።

አንዱን ቀርበን እንየው። በሁለተኛው ሴሚስተር ከሌላ ከተማ ተዛውራ የመጣች ተማሪ አለች፤ የሁለተኛ ሴሚስተር አማካይዋ 78 ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ባዶ ነው። አንቺ የዓመቱን አማካይ የሁለቱ ሴሚስተር ድምር ሲካፈል ለሁለት ብለሽ ከሠራሽው ሲስተሙ ባዶውን ዜሮ አድርጎ ይወስድና 39 ያወጣል፤ ጎበዟ ልጅ «ደግማለች» የሚል ካርድ ይዛ ቤቷ ትገባለች። የክፍል ኃላፊው ይህን በእጁ ሲሠራ ምንም ሳያስብ ባለው ሴሚስተር ብቻ ይቆጥርላታል፤ ወይም ከመጣችበት ትምህርት ቤት የያዘችውን ውጤት ያስገባላታል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያደርግ ትምህርት ቤቱ ነው የሚያውቀው፤ አንቺ መገመት የለብሽም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ወላጅን ወደ ቢሮ የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ሁለት ልጆች እኩል አማካይ አምጥተው ሁለቱም 3ኛ ቢወጡ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ልጅ 4ኛ ነው ወይስ 5ኛ? ሁለቱም አሠራር አለ። በዚሁ መንገድ 49.6 ያመጣ ተማሪ ወደ 50 ይጠጋጋል ወይ፣ ማጠቃለያ ፈተና ላይ በሕመም የቀረ ልጅ ውጤት ባዶ ነው ወይስ ዜሮ፣ መምህሩ የሚያስገባው የፈተናውን፣ የቤት ሥራውንና የማጠቃለያውን ነጥብ ለየብቻ ነው ወይስ ከ100 የተደመረውን ብቻ፣ እያልሽ ጠይቂ። ሐዋሳ ላይ ስለሆንሽ ደግሞ ካርዱ በስንት ቋንቋ እንደሚታተም ማወቅ አለብሽ፤ ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በአማርኛው ልክ የተሠራ ጠባብ ዓምድ አይበቃውም።

ይህን ሁሉ ስታውቂ የሰነድሽ ዓረፍተ ነገር በራሱ ይለወጣል። «ውጤትና ሪፖርት ካርድ» የነበረው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሲስተሙ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ ማብቂያ ሪፖርት ካርድ ያወጣል። ካርዱ የሚይዘው ከዚህ ሰነድ ጋር ተያይዞ በሁለቱ ወገኖች የተፈረመበት ናሙና ላይ ያለውን ነው። በአንድ ሴሚስተር ብቻ የተማረ ተማሪ የዓመት አማካይ በተማረበት ሴሚስተር ውጤት ይሰላል። እኩል አማካይ ያላቸው ተማሪዎች እኩል ደረጃ ይይዛሉ፤ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ይዘለላል። የኬጂ ካርድ በዚህ ምዕራፍ በእጅ መሞላቱን ይቀጥላል፤ ወደ ሲስተሙ ቢገባ ተጨማሪ ስድስት የሥራ ቀናትና 15,000 ብር ይጠይቃል።»

ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ በራስሽ ተምኚው። ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ነው። የኬጂ ካርድ እንደማይካተት ነግራቸዋለች፤ ሆኖም በር አልዘጋችም፤ እስከዚያው ሥራው በምን እንደሚሠራና ቢፈልጉ ምን እንደሚያስወጣቸው አሳይታለች። የተፈረመበት ናሙና ካርድ ደግሞ ከሰነዱ ሁሉ ዋጋ ያለው ገጽ እሱ ነው። ጋሼ ስለ ዳታቤዝ የጻፍሽውን አንቀጽ ላያነቡት ይችላሉ፤ ካርዱን ግን ያለ ጥርጥር አንብበው፣ የጎደለውን አይተው፣ እዚያው ላይ ይጽፉበታል። ላራቬልና ማይኤስኪውኤል የሚሉትን ስሞች አውጪያቸው፤ ለእሳቸው የሚነግሯቸው ነገር የለም።

ከፕሮፖዛልሽ መስመሮች ውስጥ «ክፍያ» የሚለውም እንደ ሪፖርት ካርዱ ሁለት ትርጉም አለው። ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ወላጅ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍል ሲስተሙ ራሱ አውቆ እንዲመዘግብ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ከክፍያ ድርጅቱ ጋር በትምህርት ቤቱ ስም የሚደረግ ውልና ብዙ ሙከራ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ብቻ የምትሠሪ ከሆነ ገንዘብ ተቀባይዋ የደረሰኙን ቁጥር እንደምታስገባ፣ ከሲስተሙ የሚታተመው ወረቀትም ትምህርት ቤቱ በግብር ባለሥልጣኑ ፈቃድ የሚጠቀምበትን ሕጋዊ ደረሰኝ እንደማይተካ ጻፊ። የወንድማማች ቅናሽ፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣትና የሰርቪስ ክፍያ አለ ወይ ብለሽም ጠይቂ። ክፍያው ከመስከረም እስከ ሰኔ በአሥር ወር የሚሰበሰብ ከሆነ ሲስተሙ ወሮቹን በእኛ አቆጣጠር ማወቅ አለበት። (እግረ መንገዴን፦ የቀን መቀየሪያውን ኮድ ከኢንተርኔት የምታመጪው ከሆነ በ2019 ጳጉሜን 6 ላይ ሞክሪው። ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ስለሆነ የ2020 መስከረም 1 በፈረንጆቹ መስከረም 12 ላይ ይውላል፤ ብዙ መቀየሪያ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።)

«ለወላጅ መልእክት» የሚለው አጭር ነው፤ ስሌቱን ብቻ አሳዪያቸው። 620 ወላጆች በወር አራት የጽሑፍ መልእክት ቢደርሳቸው በወር 2,480፣ በአሥር ወር 24,800 መልእክት ነው። አንቺ የምትሠሪው መልእክቱን የሚልከውን ክፍል ነው፤ የመልእክቱን ሒሳብ በየወሩ የሚከፍለው ትምህርት ቤቱ ነው። ይህ ካልተጻፈ «180,000 ከፍለን የለ?» የሚለው ጥያቄ ጥቅምት ላይ ይመጣል፤ ሲመጣም አይፈረድባቸውም። የሰርቨርና የድረ ገጽ ስም ዓመታዊ ክፍያም እንዲሁ ነው።

አሁን ብዙ ባለሙያ ሳያስበው ወደሚያልፈው ነገር ልምጣ። የ620ውን ተማሪ መረጃ ማን ያስገባል? አንዱን ተማሪ ከማኅደሩ አውጥቶ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የትውልድ ቀኑን፣ የወላጅ ስልኩን ለመመዝገብ ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ 3,720 ደቂቃ፣ ማለትም 62 ሰዓት ነው፤ ያለማቋረጥ ቢሠራ ስምንት የሥራ ቀን ይወስዳል። ሰነድሽ ስለዚህ ዝም ካለ ያ ስምንት ቀን ያንቺ ይሆናል። ድካሙ ግን ከጊዜው ይልቅ በስሞቹ ላይ ነው። አንዲት «ፀሐይ» በአንደኛው ዝርዝር «ጸሐይ»፣ በሌላው «ፀሀይ» ተብላ ትገኛለች፤ የሁለት ወንድማማቾች አባት አንዱ ዘንድ «ኃይሉ»፣ ሌላው ዘንድ «ሀይሉ» ነው፤ ሲስተሙም ሁለት የተለያዩ አባቶች አድርጎ ስለሚወስዳቸው የወንድማማች ቅናሹ ይቀርባቸዋል። ፍለጋው እነዚህን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ ያንቺ ሥራ ነው፤ በወሰኑ ውስጥ አካትችው። የትኛው አጻጻፍ ትክክል እንደሆነ መወሰን ግን ያንቺ ሥራ አይደለም፤ በተለይ ሚኒስትሪ ለሚፈተኑት የ8ኛ ክፍል ልጆች የስም ስህተት ዋዛ ስላልሆነ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ መሠረት ትምህርት ቤቱ ይወስን።

ስለዚህ እንዲህ በዪ፦ የኤክሴል ቅጹን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ሐምሌ 15 ሞልቶ ያስረክባል፤ እኔ ወደ ሲስተሙ አስገብቼ የተሳሳተውን ዝርዝር እመልሳለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ካረመው በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ አስገባለሁ። ቅጹ በአንድ ሳምንት ከዘገየ ማስረከቢያውም በአንድ ሳምንት ይዘገያል። እሳቸው ለመስከረም ከፈለጉ ነሐሴ ላይ ምዝገባው መጦፉ ስለማይቀር የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጊዜ የሚኖራት ሐምሌን ብቻ ነው። ሰኔ ደግሞ ሮስተር የሚሠራበት ወር በመሆኑ ቢሮው ቢጨናነቅም ላንቺ ጥሩ ጊዜ ነው፤ አጠገባቸው ሆነሽ ሲሠሩት የምታዪው ነገር ከማንኛውም ቃለ ምልልስ ይበልጣል።

ቀጥሎ «ግማሹ ሥራው ሲጠናቀቅ» ያልሽው ነገር ያሳስበኛል። መጠናቀቁን የሚናገረው ማነው? አንቺ ከሆንሽ እሳቸው አይስማሙም፤ እሳቸው ከሆኑ ሁልጊዜ አንድ የቀረ ነገር ይኖራል። እኔ ከአዳማው ትምህርት ቤት በኋላ የያዝሁት መንገድ መጀመሪያ ያየሽውን ያንኑ ሮስተር መፈተኛ ማድረግ ነው። የ5ኛ «ለ»ን የ48ቱን ልጆች ያምና ውጤት መምህሩ ራሱ ወደ ሲስተሙ ያስገባል፤ ሲስተሙ ያወጣው ድምር፣ አማካይና ደረጃ ከወረቀቱ ጋር ልጅ በልጅ ይመሳከራል። ከተመሳሰለ ትምህርት ቤቱ የውጤት ክፍሉን ተረክቧል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ተስማሚበት፦ አንዳንዴ የሚሳሳተው ወረቀቱ ነው። በእጅ በተደመረ ሮስተር ላይ 812 መሆን የነበረበት ድምር 802 ተብሎ፣ የልጁ አማካይ ከ81.2 ወደ 80.2 ወርዶ፣ ደረጃውም አብሮት ወርዶ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳያውቅ እንደተቀመጠ አይቻለሁ። ልዩነት ሲገኝ በካልኩሌተር ይታያል፤ ስህተቱ የወረቀቱ ከሆነ በሲስተሙ ላይ አይቆጠርም ብለሽ ጻፊ። ጋሼ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ይህችን አንቀጽ የሚወዷት ይመስለኛል።

ክፍያውንም ከዚሁ ጋር አያይዥው። 54,000 ሲፈረም፣ 54,000 ምዝገባው ሥራ ሲጀምርና የተማሪዎቹ መረጃ ሲገባ፣ 54,000 የሮስተሩ ማመሳከሪያ ሲያልፍ፣ ቀሪው 18,000 ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ በእውነተኛ ተማሪዎች ሲታተም ቢሆን ጥሩ ነው። የመጨረሻዋ ለወራት እጅሽ ሳትገባ መቆየቷ ቅር ሊያሰኝሽ ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ጥለሻቸው እንደማትሄጂ ለእሳቸው ዋስትና የምትሆነው እሷ ናት። በየምዕራፉ ካስረከብሽ በኋላ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልመጣ እንደተቀበሉት ይቆጠራል የሚል መስመር ይግባበት። ትምህርት ቤቱ ከክፍያሽ ላይ ግብር ቀንሶ የሚያስቀር ከሆነም 180,000ው ከመቀነሱ በፊት ያለው መሆኑን ግለጪ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ስጋት ልመለስ፤ በእኛ ዘንድ ከታላቅ ሰው ጋር ሲሠራ ለእያንዳንዷ ጥያቄ ዋጋ መጥራት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ የሚሆን ነገር ከገበያችን ውስጥ አለ። እህል ሻጭዋ ጣሳውን ሞልታ ከሰፈረች በኋላ በእጇ ዝግን አድርጋ ምርቃት ትጨምራለች፤ ምርቃት የሚባለው ግን ልኩ ከተሰፈረ በኋላ የሚመጣው ነው። አንቺም ሰነድሽ ላይ «በዚህ መግለጫ ያልተጠቀሱ ጥቃቅን ማሻሻያዎችን እስከ ሦስት የሥራ ቀን ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እሠራለሁ» የሚል መስመር ጨምሪ። ጥያቄ በመጣ ቁጥር «ይህ ከሦስቱ ቀን ግማሹን ይወስዳል» ብለሽ በቴሌግራም ጻፊላቸው። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ እሳቸው ራሳቸው ያውቁታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀንና ስንት ብር እንደሚፈልግ በአንድ ገጽ ይጻፋል፤ እሳቸው «ተስማምቻለሁ» ብለው ሲመልሱ ይጀመራል።

ሁለት ነገር በአጭሩ። የተማሪዎቹ መረጃ የትምህርት ቤቱ መሆኑንና ሥራው ሲያልቅ ከላፕቶፕሽ ላይ እንደምታጠፊው ጻፊ፤ የሕፃናት ስም፣ የትውልድ ቀንና የወላጅ ስልክ ስለሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል፤ ወላጅ ቢጠይቃቸውም መልስ ይኖራቸዋል። ሁለተኛው፣ ኮዱን ለሌላ ትምህርት ቤት ልትሸጪው ታስቢያለሽ? የምታስቢ ከሆነ ኮዱ ያንቺ፣ የመጠቀም መብቱ የእነሱ መሆኑን አሁኑኑ ተስማሙ፤ በኋላ የሚነሳ ከሆነ አባትሽን ሳይቀር የሚያስገባ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ከሦስት ገጽና ከናሙና ካርዱ መብለጥ የለበትም። አታሚውና ይዘሽ ሂጂ፤ በቴሌግራም የሚላክ ፋይል በስልክ ላይ ተከፍቶ «አየሁት፣ ጥሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ምናልባት አንብበው «መፈረሙ አያስፈልግም፣ አምንሻለሁ» ካሉ አትከራከሪያቸው፤ ናሙና ካርዱ ላይ ብቻ እንዲፈርሙልሽ ጠይቂ። የቀረውን «እንደተነጋገርነው» ብለሽ በዚያው ቀን በጽሑፍ ላኪላቸውና «እሺ» የሚል መልስ እስኪመጣ ጠብቂ። ያም ካልሆነ ሥራውን አትተዪ፤ በመጀመሪያው 54,000 ምዝገባውን ብቻ ሠርተሽ አስረክቢ፤ ወደ ውጤቱ ክፍል ግን ካርዱ ሳይፈረም አትግቢ።

ስድስቱን ገጽ ለጊዜው ተዪውና ዛሬ ማታ የሚከተለውን ብቻ ላኪላቸው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የአምናውን የ5ኛ ‹ለ› ሮስተር ከመዝገብ ቤት ጋር ሆኜ ላየው ፈልጌ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ብመጣ ይመችዎታል? የተረዳሁትን በሦስት ገጽ ጽፌ አመጣልዎታለሁ፤ የተሳሳትኩትን እንደ ድሮው በቀይ ያርሙልኛል።»